የጀርመናዊቷ ተማሪ የምስጋና ደብዳቤ፦ ለእናትየዋ «አንቺ» ልበል ወይስ «እርስዎ»?

የሳቢያን ጎረቤት

ሰላም ለመድረኩ አባላት።

የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው። ግድግዳ ለግድግዳ የምንገናኝ ጎረቤቶቼ ቤት አንዲት ጀርመናዊት ተማሪ ስለ ደቻቱ ጎርፍ የመመረቂያ ጽሑፍ ልታዘጋጅ መጥታ አምስት ወር ተቀመጠች። አገሯ በገባች በወሩ ለቤተሰቡ በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ ተኩል የምስጋና ደብዳቤ ጽፋ ለእኔ ላከችና፣ ሞቅ ባለ ነገር ግን አክብሮት ባልጎደለው አማርኛ መልሼ እንድሰጣቸው አደራ አለችኝ። እኔ በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ እንጂ ተርጓሚ አይደለሁም፤ እንግሊዝኛውን በደንብ ብረዳውም አማርኛው እንቢ አለኝ።

ቤተሰቡን በአጭሩ ልግለጽ። አባትየው ከምድር ባቡር በጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው። እናትየዋ የቤቱ ሁሉ ነገር ናቸው፤ አማርኛን በሚገባ ይናገራሉ፣ ማንበብ ግን አይችሉም፤ ስለዚህ ደብዳቤውን የምታነብላቸው ዘጠነኛ ክፍል ያለችው ልጃቸው ናት። ከእሷ በላይ ዩኒቨርሲቲ የገባ ወንድም አለ። ቤተሰቡ ሙስሊም ነው፤ ቤት ውስጥ አማርኛና ኦሮምኛ እየተቀላቀለ ይነገራል።

የመጀመሪያ ሙከራዬ ይህ ነው፦

«ውድ አስተናጋጅ ቤተሰቦቼ፣ ስላስተናገዳችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ቤታችሁ ለእኔ ከቤት ርቆ ያለ ቤት ነበር። እማማ፣ ትኩሳት በያዘኝ ጊዜ ከሌሊቱ ሦስት ሰዓት ላይ ተነሥተው ስላደረጉልኝ እንክብካቤ ምስጋናዬ የላቀ ነው። አባባ፣ በ1902 ስለመጣው ባቡር ስለነገርከኝና ከወንድሜ ጋር ደቻቱ ወርደን ጎርፉ የደረሰበትን ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ። በጣም እናፍቃችኋለሁ። ከፍቅር ጋር።»

ለባለቤቴ ሳነብላት «ይህ እኮ የባንክ ማስታወቂያ ነው» አለችኝ። ልክ ናት፤ ነገር ግን የቱ ላይ እንደተበላሸ ለይቶ መናገር አቃተኝ። ከሁሉም በላይ የቸገረኝ እንግሊዝኛው ለአባትም፣ ለእናትም፣ ለልጅም፣ ለሁሉም በአንድነት «ዩ» ብሎ የሚያልፈው ነገር ነው። ለእናትየዋ «እርስዎ» ስል ይቀዘቅዛል፤ «አንቺ» ስል ደግሞ ድፍረት ይመስለኛል። እባካችሁ አስተያየታችሁን ስጡኝ።

የከዚራ ጥላ

ወንድሜ፣ ራስህን አታስጨንቅ። ድሬ ውስጥ አንቱታ የሚባል ነገር የለም። እኛ ያደግነው ሁሉንም «አንተ»፣ «አንቺ» እያልን ነው፤ ሽማግሌውንም «አቦ» ብለን እንጠራለን፤ ማንም ተቀይሞ አያውቅም። «እርስዎ» ከአዲስ አበባ በባቡር የመጣ ዕቃ ነው። ድሬ ውስጥ አንድ ሰው በድንገት «እርስዎ» ካለህ ወይ ገንዘብ ሊበደርህ ነው፣ ወይ ተቀይሞሃል። ስለዚህ ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች በ«አንተ»ና በ«አንቺ» ጻፈው፤ ሙቀቱም ያኔ ይመጣል።

ቀለም

ሌላው ሁሉ ቀርቶ ሰዓቱን አስተካክለው። እንግሊዝኛው ሦስት ሰዓት ያለው ከንጋቱ በፊት ያለውን ከሆነ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። «ሦስት ሰዓት» ብለህ ካነበብክላቸው እናትየዋ የሚያስታውሱት ከእራት በኋላ ገና ቡና ሲጠጣ የነበረውን ሰዓት ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ የቆዩበት ድካም በአንድ ቁጥር ይጠፋል። ዓመተ ምሕረቱም እንዲሁ ነው። ባቡሩ ድሬዳዋ የገባው በፈረንጆቹ 1902 መጨረሻ ላይ ስለሆነ በእኛ 1895 ዓ.ም. ነው። ባቡር ላይ ዕድሜያቸውን ለጨረሱ ሰው «በ1902» ብለህ ብታነብላቸው ሰባት ዓመት ታዘገይባቸዋለህ።

አንድ ምክር ልጨምር። «አመሰግናለሁ» የሚለው ቃል የመሥሪያ ቤት ቃል ነው። እውነተኛው የአማርኛ ምስጋና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ነው፤ ደብዳቤውን በእሱ ብትጀምረው ግማሹ ሥራ ያልቃል።

ሚዛን

የእኔም እህት ይህ ነገር ገጥሟት ስለነበር ልንገራችሁ። እህቴ ለትምህርት ጀርመን ሄዳ አንድ ዓመት ከአንድ ቤተሰብ ጋር ኖረች፤ ስትመለስም የምስጋና ደብዳቤ ልትጽፍላቸው ፈለገች። በመጀመሪያ በአማርኛ አሰበችውና ወደ ጀርመንኛ ስትመልሰው «ስላስቸገርኳችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ» የሚለውን ሦስት ቦታ አስገባችበት። ቤተሰቡ ምን በድላን ነው ብለው ተጨንቀው ስልክ ደወሉላት። ስለዚህ እህቴ የምትመክረው ይቅርታውን አንድ ጊዜ ብቻ ማድረግ ነው። በዚያ ላይ እዚያ አገርም ሰውን ሁሉ በአንድ ዓይነት «አንተ» መጥራት የለም፤ ለቅርብ ሰው «ዱ»፣ ለሩቅ ሰው «ዚ» ይባላል፤ እህቴ አያትየውን በየትኛው እንደምትጠራ ሳይነግሯት ለስድስት ወር ስታመነታ ነበር።

የከዚራ ጥላ

ሚዛን፣ ጥያቄው የተገላቢጦሽ ነው። ተማሪዋ ጀርመናዊት ናት፤ ቤተሰቡ የድሬ ሰው ነው።

ሚዛን

ይቅርታ፣ አስተውዬ አላነበብኩትም። ታሪኩ ግን ይቆይ፤ የሚጠቅመው ሰው አይጠፋም።

መምህር ከጁገል

ለብዙ ዓመታት ሐረር ውስጥ አማርኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሚዛን በስሕተት የነገረችን ታሪክ እስካሁን ከተጻፈው ሁሉ የበለጠ ለጠያቂው የሚጠቅም ይመስለኛል። ተማሪዋ ጀርመናዊት ከሆነች በራሷ ቋንቋ የቅርቡንና የሩቁን ሰው ለይታ መጥራት ታውቃለች። ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ ስትጽፈው ግን ያ ልዩነት ተዋጠ። ስለዚህ እኛ እዚህ ተቀምጠን ከምንገምት ጎረቤታችን አንድ አጭር መልእክት ቢልክላትና፣ ለእያንዳንዳቸው በጀርመንኛ ብትጽፍ ኖሮ ማንን «ዱ»፣ ማንን «ዚ» ትል እንደነበር ቢጠይቃት መልሱ ከባለቤቱ ይገኛል። ከዚያም በላይ የሚያስፈልገው ሌላ ጥያቄ አለ፤ እሱም ቤት ውስጥ በአፏ ምን ትላቸው ነበር የሚለው ነው። አምስት ወር የተቀመጠች ሰው በአማርኛም ቢሆን መጥራቷ አይቀርም። ደብዳቤው ከዚያ ከወጣ፣ ወደ «እርስዎ» ቢወጣም ወደ «አንተ» ቢወርድም፣ ሰሚዎቹ ሌላ ሰው የጻፈው ነው የሚመስላቸው።

አሁን ወደ ከዚራው ወዳጄ ልመለስ። ግማሹ እውነት ነው፤ በእኛ አካባቢ በቃል ንግግር አንቱታው ከሌላው የላላ ነው። ነገር ግን የለም ማለት ስሕተት ነው። አማርኛ በሚነገርባቸው የሐረርና የድሬዳዋ ቤቶች ውስጥ እናቱን «አንቺ»፣ አባቱን «አንቱ» እያለ ያደገ ልጅ ብዙ ነው፤ ሁለቱም በአንድ ማዕድ ይነገራሉ። ልጁ እናቱን «አንቺ» ሲል አይንቃትም፤ አባቱን «አንቱ» ሲልም አይርቀውም። በተጨማሪም በቃል የሚነገረው «አንተ» ከድምፅ፣ ከፈገግታና ከትከሻ መታ ማድረግ ጋር ስለሚመጣ ይለሰልሳል። በወረቀት ላይ ግን ብቻውን ስለሚቆም ይጠነክራል። በ«አንተ» የተጻፈ ደብዳቤ አንድ የሰባ ዓመት ሰው ፊት በታናሽ ልጃቸው ሲነበብ ምን እንደሚመስል አስቡት።

«እናንተ» የሚለው ቃል ደግሞ ችግሩን አብዛኛውን ቦታ ያቃልለዋል። ለብዙ ሰው ሲነገር አክብሮትና ቅርበት የተነጣጠለ መልክ የላቸውም፤ «ተቀበላችሁኝ»፣ «አኖራችሁኝ»፣ «ሸኛችሁኝ» ሲባል አባትም፣ እናትም፣ ልጅም ውስጡ አሉ፤ ማንም አልተዋረደም፣ ማንም አልራቀም። ስለዚህ የደብዳቤውን ግንድ በ«እናንተ» አቁሙት። ወደ እያንዳንዱ ሰው የሚወጣው ለዚያ ሰው ብቻ የሚባል ነገር ሲኖር ነው፤ ያኔም የዝምድና መጠሪያው ይቅደም። «እማዬ» ብሎ ከጀመረ በኋላ «አንቺ» ቢመጣ ልጅ ለእናቷ የምትለው ነው፤ ያለ «እማዬ» የመጣ «አንቺ» ግን ድፍረት ነው።

አሁን ወደ ጽሑፉ ልግባ። ባለቤትህ የባንክ ማስታወቂያ ያለችው ከመጀመሪያው ቃል የተነሣ ይመስለኛል። «አስተናጋጅ» በአማርኛ ካፌ ውስጥ ሻይ የሚያቀርበው ሰው ነው። እናትየዋ ልጃቸው «ውድ አስተናጋጅ ቤተሰቦቼ» ብላ ስታነብላቸው ምን እንደሚያስቡ አላውቅም። «ቤተሰቦቼ» ብቻ ይበቃል፤ ማን እንደሆኑ እነሱ ያውቃሉ። «ስላስተናገዳችሁኝ» የሚለውም ሂሳብ ተከፍሎ የወጣ ያስመስለዋል። «ከቤት ርቆ ያለ ቤት» የተባለውን ማንም የድሬ ሰው ብሎት አያውቅም፤ እኛ የምንለው «ቤታችሁን ቤቴ አደረጋችሁልኝ» ነው።

«እናፍቃችኋለሁ» ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። በአማርኛ ናፋቂውን የሚያሠቃየው የተናፈቀው ነው። አንድ ሰው «ናፍቄሃለሁ?» ቢልህ «ትዝ እልሃለሁ ወይ» እያለህ ነው። ስለዚህ ያ ዓረፍተ ነገር ለብዙ ሰው የሚሰማው «እናንተ እኔን ትናፍቃላችሁ» ተብሎ ነው፤ ተማሪዋ ራሷን እያሞገሰች ያስመስላታል። «ናፍቃችሁኛል» ይበል።

በመጨረሻ፣ የአባትየው ዓረፍተ ነገር ላይ ሁለት ስሕተት አለ፤ አንዱ ይታያል፣ ሌላው ይደበቃል። የሚታየው በአንድ እስትንፋስ «ነገርከኝ» እና «አሳዩኝ» መባሉ ነው፤ አዛውንቱ በዓረፍተ ነገሩ መነሻ ላይ ልጅ፣ መጨረሻው ላይ አዛውንት ሆነዋል። የተደበቀው ይህ ነው፦ «አሳዩኝ» የሚለው ግስ «እርስዎ አሳዩኝ»ም፣ «እሳቸው አሳዩኝ»ም፣ «እነሱ አሳዩኝ»ም ሊሆን ይችላል፤ ሦስቱም አንድ መልክ አላቸው። ከአጠገቡ «ከወንድሜ ጋር» ስለተባለ ያሳዩት ሌሎች ሰዎች ይመስላሉ። መለያው ግሱ ላይ ሳይሆን ከግሱ አጠገብ ይቀመጣል፤ «በእጅዎ እየነኩ አሳዩኝ» ካልክ «እጅዎ» የእርስዎ ብቻ ነው፤ «በእጃቸው» ቢሆን የሌላ ሰው ይሆን ነበር። ደብዳቤውን ስትጨርስ የእያንዳንዱን አንቀጽ ግሶችና ባለቤትነት አመልካቾች መጨረሻ በጣትህ እየነካህ እለፍ፤ በእናትየዋ አንቀጽ ውስጥ ከ«ሽ» መካከል አንዲት «ዎ» ተሰንቅራ ካገኘህ ያ ቦታ ነው የሚጎረብጠው።

ሐረርጌ

ቀለም ስለ ሰዓቱ የተናገረው ልክ ነው፤ ስለ ምስጋናው ግን አልስማማም። ቤተሰቡ ሙስሊም እንደሆነ ጠያቂው ነግሮናል። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ቢባል ማንም አይቀየምም፤ እዚህ አካባቢ አንዱ የሌላውን ምርቃት እየሰማ «አሜን» ብሎ ነው ያደገው። ነገር ግን ልጅቷ አምስት ወር ሙሉ በዚያ ቤት የሰማችው ምስጋና እሱ አይደለም። የእኔ እናት ሐረር ውስጥ ሰው ውለታ ሲውልላት «አላህ ይስጥህ» ነው የምትለው።

ታዲያ «አላህ ይስጥልኝ» ይባል ወይ? እዚህ ላይ እኔም አመነታለሁ። ልጅቷ በደብዳቤዋ የፈጣሪን ስም አንሥታ እንደሆነ ጠያቂው አልነገረንም። ካላነሣች እኛ በአፏ ማስገባት የለብንም። ሃይማኖት የሌላት ሰው ልትሆን ትችላለች፤ ቤተሰቡም ያንን ሊያውቁ ይችላሉ፤ በድንገት «አላህ ይስጥልኝ» ብላ ብትመጣ «ሰለመች እንዴ?» የሚል ወሬ ሰፈሩን ይዞራል። አማርኛ ያለ ስመ ፈጣሪም ጥልቅ ምስጋና አለው። «ውለታችሁ አለብኝ» የሚለው «አመሰግናለሁ»ን አሥር ጊዜ ከመደጋገም ይበልጣል፤ ምክንያቱም የተደረገውን ነገር ገና አልከፈልኩትም ማለት ነው።

የሳቢያን ጎረቤት

ለሁላችሁም እጅግ አመሰግናለሁ፤ ወይም እንደ ሐረርጌ አባባል ውለታችሁ አለብኝ። መምህር ባሉት መሠረት ተማሪዋን ጠየቅኳት። መልሷ እንዲህ ነው፦ በጀርመንኛ ብትጽፍ እናትየዋን «ዱ»፣ አባትየውን «ዚ» ትል እንደነበር፣ ነገር ግን አባትየውን «ዚ» የምትለው ስለምትፈራቸው ሳይሆን ልጆቻቸውም እንዲሁ ስለሚያደርጉ እንደሆነ ጻፈችልኝ። በአማርኛም እናትየዋን እንደ ልጆቹ «እማዬ» እና «አንቺ» ትል ነበር። አባትየውን የመጀመሪያውን ወር «አባባ፣ ና ብላ» እያለች ሁሉንም ታስቅ ነበር፤ በኋላ ታናሺቱ «አባባ፣ ይምጡ፣ ይብሉ» ማለትን አስተማረቻት። ይህንን እኔም በግድግዳው በኩል እሰማ ነበር፤ ስጽፍ ግን እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም። የፈጣሪን ስም በደብዳቤው ውስጥ አላነሣችም። አሁን የደረስኩበት ይህ ነው፤ አስተካክሉልኝ፦

«ለውድ ቤተሰቦቼ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ በሰላም ገብቻለሁ። ከእናንተ ከተለየሁ አንድ ወር ሆነኝ፤ ይሁን እንጂ እስከ ዛሬ ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ የምጠብቀው የባጃጁን ድምፅና የእማዬን ጥሪ ነው። እንደ እንግዳ መጣሁ፤ እንደ ልጅ ሸኛችሁኝ። ቤታችሁን ቤቴ አድርጋችሁ አምስት ወር ሙሉ ስላኖራችሁኝ ውለታችሁ አለብኝ።

እማዬ፣ ያ ትኩሳት የያዘኝ ሌሊት ከልቤ አይጠፋም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዓይኔን ስገልጥ አንቺ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ጨርቁን እያረጠብሽ ግንባሬ ላይ ትለውጪልኝ ነበር። ሳትተኚ አነጋሽ። ጠዋት ደግሞ ምንም እንዳላደረግሽ ሆነሽ ሆጃውን አቀረብሽልኝ። እኔ ያን ቀን አመሰግናለሁ ማለት እንኳ አልቻልኩም፤ አማርኛዬም አልበቃኝም ነበር። ዛሬ ልናገረው።

አባባ፣ ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ እንደተቆረቆረችና ያኔ አዲስ ሐረር ትባል እንደነበር የሰማሁት ከእርስዎ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሲሞላ ውኃው የደረሰበትን ግድግዳ በእጅዎ እየነኩ ያሳዩኝ ቀን ግን ከሁሉም ይበልጥብኛል። ጽሑፌ ውስጥ ያለው ብዙ ቁጥር ከመጽሐፍ የመጣ ነው፤ ያ ግድግዳ ግን ከእርስዎ የመጣ ነው።

ወንድሜ፣ በፀሐይ የመለኪያ ዕቃዬን ተሸክመህ ከእኔ ጋር ስለዞርክ አልረሳህም። ታናሽ እህቴ፣ ስሕተቴን ሁሉ እየሳቅሽ ያረምሽልኝ አንቺ ነሽ፤ ይህን ደብዳቤ የምታነቢውም አንቺ ስለሆንሽ ጮክ ብለሽ አንብቢ።

በቆይታዬ አስቸግሬያችሁ ከሆነ ይቅር በሉኝ። ሁላችሁም ናፍቃችሁኛል።

ልጃችሁ»

ቀለም

አሁን ሰው የጻፈው ሆነ። «እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ በሰላም ገብቻለሁ» የሚለው ግን በዋናው አለ ወይስ አንተ ነህ የጨመርከው?

የሳቢያን ጎረቤት

እኔ ነኝ የጨመርኩት። እንግሊዝኛው ከስም ጠርቶ ወዲያው ወደ ምስጋና ይገባል። በአማርኛ እንዲያ ሲነበብ ሰላምታ ሳይሰጥ ቤት ዘው ብሎ እንደገባ ሰው ሆነብኝ።

ሐረርጌ

ይህ አልተመቸኝም። አላህን በአፏ አናስገባ ካልን ሰላምታም አናስገባ። ደብዳቤው የእሷ ነው፤ አንተ ብዕሯ እንጂ እሷ አይደለህም። ነገ «ደህና መግባቴን ነግሬያቸው ነበር እንዴ?» ብትል ምን ትላለህ?

መምህር ከጁገል

ክብርት ሐረርጌ፣ በዚህ ላይ በአክብሮት እለያለሁ። ሰላምታ የአማርኛ ደብዳቤ በር ነው፤ በሩን መክፈት በቤቱ ውስጥ አዲስ ዕቃ ማስገባት አይደለም። የእንግሊዝኛው «ዲር» ራሱ በአማርኛ ብቻውን አይቆምም፤ ሰላምታው የእሱ ትርጉም አካል ነው ብዬ አምናለሁ። ይሁን እንጂ «በሰላም ገብቻለሁ» የሚለው ወሬ ነው፤ እሱን ከእሷ ማረጋገጥ ይገባል።

ሌሎች ትንንሽ ነገሮች፦ መዝጊያው ላይ «ልጃችሁ» ማለትህ ጥሩ ነው። «ከፍቅር ጋር» በአማርኛ የእጮኛ ደብዳቤ ይመስላል፤ «አክባሪያችሁ» ቢባል ደግሞ ማመልከቻ ይሆናል። ለወንድምየው «አልረሳህም» ያልከው ጮክ ብሎ ሲነበብ «አልረሳኸኝም» ከሚለው ጋር ሊምታታ ስለሚችል «ውለታህን አልረሳም» ብትለው ይጠራል። «ዛሬ ልናገረው» የሚለውን ግን እንዳትነካው።

የከዚራ ጥላ

እኔ አሁንም ለአባትየው «አንተ» ቢባል ምንም አይደለም ባይ ነኝ። የእኔ አባት በሕይወቱ «እርስዎ» ብዬው አላውቅም።

መምህር ከጁገል

ለእርስዎ አባት የሚጻፍ ደብዳቤ ሲመጣ «አንተ» እንለዋለን።

የከዚራ ጥላ

መምህር፣ እኔን «እርስዎ» አሉኝ። ገንዘብ ሊበደሩኝ ነው ወይስ ተቀይመውኛል?

የሳቢያን ጎረቤት

የመጨረሻውን ላሳውቃችሁ። ሰላምታውን ለተማሪዋ በእንግሊዝኛ መልሼ ላክሁላት፤ «በሰላም ገብቻለሁ» የሚለውን እንድተወው ፈቀደች። ወንድምየው ላይ መምህር ያሉትን አረምኩ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ቡናው ሲፈላ ታናሺቱ አነበበችላቸው። «ታናሽ እህቴ» የሚለው ላይ ስትደርስ አፍራ ዘለለችው፤ ወንድሟ ወረቀቱን ነጥቆ እሱ አነበበው። አባትየው 1895 ሲባል ራሳቸውን ነቅንቀው «ታኅሣሥ ላይ ነው» ብለው ወሩን ጨመሩበት።

እናትየዋ ጨርቁ ላይ ሲደረስ አስቆሟትና እንደገና እንድታነበው አደረጓት። ከዚያ «ዘጠኝ ሰዓት መሆኑን በምን አወቀች? ዓይኗን የገለጠች አልመሰለኝም ነበር እኮ» አሉ። መልስ ሊያስጽፉኝ ነገ ይመጣሉ፤ ይህኛው ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ስለሆነ «ልጄ፣ እኔ ልሙትልሽ» የሚለውን እንዴት እንደማስተላልፈው ካሁኑ እያሰብኩ ነው።

ሚዛን

እሱን ለእህቴ ልጠይቅልህ። እሷ አንድ ጊዜ ቃል በቃል ጽፋው እንደገና ስልክ ደውለውላት ነበር።